አልጋው ላይ የቀረው ቻርት

ታናሽ እህቴ ነርስ ናት። እኔ ደግሞ እሷ የምትሠራበትን ክፍል እወለውላለሁ። በአንድ በር እንገባለን፤ እሷን «ሲስተር» ይሏታል፣ እኔን «እትዬ፣ ባልዲሽን አንሺልን» ይሉኛል።

ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩት በእሷ ምክንያት ነው። እናታችን ታመመችና ቤት የሚቀር ሰው ሲፈለግ፣ ትንሿ ትማር ተባለ። ተማረች። የተመረቀች ቀን ቦርሳዋን ይዤ አጠገቧ ቆሜ ፎቶ ተነሣን፤ ፎቶው ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ከእኔ የሚታየው ቦርሳ የያዘ ክንድ ብቻ ነው። እናቴ ደውላ ስታገኘኝ «ልጄ ደህና ናት?» ትለኛለች። እኔ የማን እንደሆንኩ እንጃ።

ቅናት ነው ይሉታል። ይበሉት።

የዚያን ቀን ጠዋት የአልጋ እግር ስር ሳጸዳ አንድ ቻርት ወድቆ አገኘሁና አንሥቼ መልሼ ሰቀልኩት። ቻርት ማለት የበሽተኛው መድኃኒት የሚጻፍበት፣ ከአልጋው ግርጌ የሚንጠለጠለው ወረቀት ነው። እህቴ ሁለት ቀን አርፋ መመለሷ ነበር፤ አየችኝ።

«እታለም፣ ወረቀት አትንኪ ብዬሻለሁ! ቦታውን ታምታቺብናለሽ። ለእኛ ተዪው» አለችኝ፤ ስድስት በሽተኛ እየሰማ።

«ወድቆ ነው» አልኳት።

«ቢወድቅም።»

በሽተኞቹ ጣሪያ ጣሪያ አዩ። እኔም መወልወያዬን ጨምቄ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፍኩ።

በአራት ቁጥር አልጋ፣ መስኮቱ ስር፣ እግራቸው የቆሰለ የስኳር በሽተኛ እማማ ነበሩ። አምስት ቁጥር ላይ፣ በሩ ጋ፣ ሳንባዋን የታመመች ልብስ ሰፊ ትተኛለች። ሁለቱም የገቡት እህቴ በሌለችበት ነው። እማማ ብርዱን አልቻሉትም፤ ልብስ ሰፊዋ ደግሞ አየር አጠረኝ ትላለች።

«እትዬ፣ ብንቀያየርስ?» አለችኝ ልብስ ሰፊዋ።

«ምን ቸገረኝ» አልኩና አንሶላቸውን አዛውሬ፣ እማማን ደግፌ አምስት ቁጥር ላይ፣ እሷን አራት ቁጥር ላይ አስተኛኋቸው። ጫማቸውን፣ የውሃ ጠርሙሳቸውን፣ የእማማን ሻርፕ ሁሉ አዛወርኩ።

ቻርቶቹን አላዛወርኩም። ረስቼ አይደለም። እጄን ዘርግቼ ነበር፤ ከዚያ «ለእኛ ተዪው» ያለችው ትዝ አለኝ። እሺ፣ የእናንተ ነው፣ ውሰዱት፣ አልኩና ባልዲዬን አንሥቼ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ለማንም አልነገርኩም።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ እህቴ መርፌ ይዛ ስትገባ ኮሪደር ላይ ነበርኩ። ሁለተኛዋ ነርስ ለምሳ ወጥታለች። እህቴ ቻርቱን አየችና «ቁጥር አራት!» አለች። «አቤት» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ አራት ቁጥር ላይ ተኝታ ምን ትበል? ሹራቧን ከሆዷ ላይ ገለጠችላት፤ ተወጋች። የምን መርፌ እንደሆነ እኔ አላወቅሁም። ወረቀትም መርፌም የእኔ አይደለም ብዬ ማጽዳቴን ቀጠልኩ።

ለሰባት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን የምሳ ሳህን ላነሣ ገባሁ። ልብስ ሰፊዋ ምሳዋን አልነካችም። ፊቷ በላብ ታጥቧል፤ ማንኪያ የያዘ እጇ ይንቀጠቀጣል።

«ምነው እህቴ?»

«እንጃ… ልቤ ይመታል። ሆዴን ይሞረሙረኛል፤ ግን መብላት አስጠላኝ» አለችኝ፤ ምላሷ ከበዳት።

እናቴ ስኳር አለባት፤ መድኃኒቱን ወግታ ሳትበላ የቀረች ቀን እንዲህ ሆና አውቃለሁ። ይህቺ ግን የስኳር በሽተኛ አይደለችም። ዓይኔ ወደ አልጋው ግርጌ ወረደ። የእማማ ቻርት። እዚያው። እጄ ዘርግቶ የተመለሰበት ቦታ።

«ነይ! ቶሎ ነይ!» ብዬ ወደ እህቴ ጮህኩ። ሲስተር አላልኳትም፤ በልጅነቷ እንደምጠራት ነው የጠራኋት።

እየሮጠች መጣች። ጣቷን ወግታ ስኳሯን ለካች፤ ሃምሳ ሁለት። ያን ጊዜ በልብስ ሰፊዋ እጅ ላይ የታሰረውን መለያ ገልጣ ስሟን አነበበች። ቻርቱን አየች። እንደገና መለያውን አየች። የእህቴ ፊት እንደ አመድ ሲሆን ቆሜ አየሁ፤ እውነቱን ልናገርና፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ደስ አለኝ። እሷም ትሳሳታለች ማለት ነው፣ አልኩ በሆዴ። ወዲያው ልብስ ሰፊዋ ጥርሷ ሲንገጫገጭ ስሰማ ደስታው በነነ።

«ስኳር! በውሃ!» አለችኝ። ሮጥኩ። ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ላይ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በጠበጥኩ። «መዋጥ ትችያለሽ? ቀስ እያልሽ» እያለች አጠጣቻት። ከዚያ ለተረኛው ዶክተር ደወለች።

ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «ዶክተር፣ ተሳስቻለሁ። ለአንዷ የታዘዘ አሥር ዩኒት ኢንሱሊን ለሌላዋ ሰጥቻለሁ፣ አምስት ተኩል ላይ። ስኳሯ ሃምሳ ሁለት ነው፣ ነቅታ ትናገራለች፣ ስኳር በአፏ ሰጥቻታለሁ።» ይኸው ነው። ‘ይመስለኛል’፣ ‘ምናልባት’፣ ‘እንትን’ የሚል የለበትም።

ዶክተሩ ስልኩን ዘግቶ ደረሰ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሲለካ ስልሳ ስድስት፤ እንደገና ስኳር፤ ከሌላ ሩብ ሰዓት በኋላ ዘጠና አምስት ገባ። ያኔ ምሳዋን አበሏት። እስከ ማታ በየሰዓቱ ይለካ፣ ከወረደ በደም ሥር ግሉኮስ ይሰጣት አለ። እማማ ደግሞ የራሳቸውን መርፌ አላገኙምና የእሳቸው ስኳር ሁለት መቶ ዘጠና ደርሷል፤ ለእሳቸውም ሌላ አዘዘ። ከዚያ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብሎ ለልብስ ሰፊዋ የሆነውን ነገራት።

«እኔ ደግሞ አዲስ የታዘዘልኝ መስሎኝ» አለች፤ ቀለሟ ተመልሶ። «ለአልጋው መሆኑን ማን ነገረኝ?»

ዶክተሩ ሲወጣ እህቴን «ቶሎ ደርሰሽላታል፤ በርቺ» አላት። አያችሁ? ተሳስታ እንኳ ተመሰገነች። እኔ ወለል ስወለውል ማን በርቺ ብሎኝ ያውቃል?

የክፍሉ ኃላፊ መጣችና «ማነው ያቀያየራቸው?» ብላ ጠየቀች። ልብስ ሰፊዋ ቶሎ ብላ «እኛው ነን፣ በራሳችን» አለች። እማማም «አዎ፣ እኛው» አሉ፤ ያለ ሰው ድጋፍ መቆም የማይችሉት ሴትዮ። ሁለቱም እኔን አላዩኝም። እንዳልባረር ሰግተውልኝ ነው።

ኃላፊዋ እህቴን «ሪፖርትሽን ጻፊ። ሐሙስ ኮሚቴ ይቀመጣል። መለያውን አለማየትሽ ቀላል አይደለም፤ ከክፍሉ ሊያነሱሽም ይችላሉ» ብላት ወጣች።

እህቴ ነርሶቹ ክፍል ገብታ ጻፈች። እኔ ደጁ ላይ ያልቆሸሸ ወለል ወለወልኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ «እታለም፣ ግቢ፤ አንቺ ያለሽበትን ስሚ፣ ትክክል እንደሆነ ንገሪኝ» አለችኝና አነበበችልኝ።

«5፡30 ላይ ለሌላ ታካሚ የታዘዘ አሥር ዩኒት ኢንሱሊን አልጋ ቁጥር አራት ላይ ለነበረች ታካሚ ከቆዳ ሥር ሰጥቻለሁ። የእጅ መለያዋን አላየሁም። መድኃኒቱን ሌላ ነርስ አላረጋገጠችም። 6፡45 ላይ የክፍሉ ጽዳት ሠራተኛ ታካሚዋ እንዳላባትና እንደተንቀጠቀጠች አይታ ጠራችኝ። ታካሚዋ ነቅታ ትናገር ነበር፤ የደም ስኳር 52፣ የልብ ምት 112። ስኳር በአፍ ሰጠሁ። 6፡50 ላይ ለሐኪሙ በስልክ አሳወቅሁ፤ 6፡58 ደረሰ…»

ሌላውን አልሰማሁም። ወረቀት ላይ ገብቻለሁ። ዕድሜ ልኬን ወረቀት የእሷ ነበር፤ ዛሬ እኔ አለሁበት፣ ያውም በደግ። እንዲሁ ይቅር አልኩ በልቤ። እሷ ትሳሳት፣ እኔ ያገኘሁት ልሁን። አንድ ቀን እንኳ።

«ትክክል ነው?» አለችኝ።

«ነው።»

እስክሪብቶዋን ልትፈርም አነሣች። ዓይኖቿ ቀልተዋል። «ሐሙስ ካነሱኝ ለእማዬ አንቺ ንገሪያት። እኔ አልችልም» አለችኝ።

«አይደለም» አልኩ።

«ምኑ?»

«ትክክል አይደለም። ጎደለ። እኔ ነኝ ያቀያየርኳቸው። ቻርቱን ያልቀየርኩት አውቄ ነው።»

እስክሪብቶው በእጇ ቀረ። «አውቀሽ?»

«ወረቀት አትንኪ አላልሽኝም?»

«ወረቀት አትንኪ አልኩ እንጂ አፍሽን ዝጊ መቼ አልኩ!» ብላ ጮኸች። «አንድ ቃል! ‘ተቀያይረዋል’ ማለት አቃተሽ? ሴትየዋ ብትሞትስ?»

«ስድስት ሰው ፊት ነው የሰደብሽኝ።»

«እኔ መቼ ሰደብኩሽ?»

«ድሮም አታውቂውም!»

ጩኸታችንን ሰምታ ኃላፊዋ ገባች። የሆነውን ከአፌ ሰማች። እህቴ «እኔ ልጨምረው?» ብላ ጠየቀቻት።

«አንቺ ያላየሽውን አትጽፊም። እሷ የራሷን ትጻፍ» አለችና ባዶ ወረቀት ሰጠችኝ። «ያደረግሽውን፣ ያየሽውን፣ ሰዓቱን። ይህ መለያ አለማየቷን አያጠፋላትም፤ ግን አልጋው እንዴት እንደተቀየረ እናውቃለን። አንቺም ሐሙስ ትመጫለሽ።»

ጻፍኩ። አራት መስመር ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። እህቴ «አምጪ እኔ ልጻፍልሽ» ብትል «ተዪኝ፣ የራሴ ነው» አልኳት። ኃላፊዋ ስታነብ መጨረሻው ላይ ቆመች።

«‘ስለቀናሁ’ የሚለው አይገባም። የሆነው እንጂ የተሰማሽ አይጻፍም።»

ላጲስ ፈለግሁ።

«አይጠፋም!» አለች። «እዚህ የተጻፈ አይፋቅም፣ አይደለዝም። አንድ መስመር ብቻ አስምሪበት፣ ከታች ያለው እንዲነበብ፣ ጎኑ ላይ ፈርሚ።»

አሰመርኩበት፤ ፈረምኩ። እህቴ ወረቀቱን ተቀብላ ብዙ ጊዜ አየችው፤ መስመሩ ስር ያለውን እያነበበች እንደሆነ ከከንፈሯ ታወቀኝ።

«በእኔ?» አለችኝ።

«እና በማን?» አልኳትና ልብስ ሰፊዋ የምትለካበት ሰዓት መድረሱን ግድግዳው ላይ አሳየኋት። መለኪያውን አንሥታ ሄደች። ተከትያት ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ፤ መጀመሪያ የልብስ ሰፊዋን የእጅ መለያ ስታነብ አየሁ።

«መቶ ስምንት» አለች፤ ለልብስ ሰፊዋ ይሁን ለእኔ እንጃ።