ከአህያ ጋር የዋለች አማካሪ

ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች። ይህንን ተረት እናቴ በነፃ አስተማረችኝ፤ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ያንኑ በወፍራም መጽሐፍ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ሌባ ሆኖ የሚወለድ የለም፤ ሰው ወንጀልን የሚማረው እንደ ማንኛውም ሙያ ነው፤ ከሚቀርባቸው ሰዎች ጋር ሲውልና ሲያወራ። የሚማረውም ሁለት ነገር ነው። አንዱ የእጅ ሙያው ነው። ሌላው "ታዲያ ይሄ ምን ችግር አለው?" የሚያሰኘው ሰበብ ነው። ሕግ መጣስን የሚያቃልለው ወሬ ሕግን ከሚያስከብረው ወሬ ከበለጠበት ሰውየው አለቀለት። ወሬውን ደጋግሞ፣ ለረጅም ጊዜ፣ በተለይም ከሚወደው ሰው አፍ ከሰማው ደግሞ ቶሎ ያልቅለታል።

ይህን ሁሉ የማውቅ የአመክሮ ቢሮ አማካሪ ነኝ። አለቃዬ አንድ ቀን ጠርቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

"ከሱፐርማርኬት ዕቃ የሚመነትፉትን በአንድ ክፍል ሰብስበሽ በቡድን ምከሪያቸው። አንድ በአንድማ መቼ ያልቃሉ?"

"ሌቦችን ሰብስቦ ሻይ መጋበዝ እኮ ምክር አይደለም፤ ትምህርት ቤት መክፈት ነው" አልኩት።

"አንቺ ደግሞ ነገር ማክበድ ትወጃለሽ" ብሎ ስልኩን አነሳ። ስልኩ አልጮኸም ነበር።

እናም በየሰኞው መሰብሰብ ጀመርን። ነጩ ሰሌዳ ላይ "የተለመዱ ሰበቦች" ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ተራ ቁጥር አንድ ላይ "ሱፐርማርኬቱ በዚህ አይደኸይም" የሚለውን አሰፈርኩ። ቡድኑ ሦስት ሰው ነው። ልብስ ሰፊዋ፣ ካፖርት ውስጥ ሌላ ካፖርት የሚያስገባ ኪስ ትሰፋለች። ሾፌሩ ወሬኛ ነው፤ ስለ ልብስ ሳሙና ጠይቆ ጠይቆ ሻጩን የገዛ ስሙን ያስረሳዋል። ሦስተኛዋ ነፋስ ናት። ስሟን ያወጡላት ጓደኞቿ ናቸው፤ እጇ ሲያልፍ ዕቃው ይጠፋል እንጂ እጇ አይታይም።

የነፋስ ነገር አንጀቴን ይበላው ነበር። ልጇ አማቷ ዘንድ ናት። ዳኛው ሐሙስ ሊያዩዋት ቀጥረዋታል፤ አመክሮዋን በደህና ጨርሳለች ከተባለ ልጇን ትወስዳለች። ሁለት ነገር ግን ታዟል፤ አንደኛ፣ እዚያ ሱፐርማርኬት እግሯ እንዳይረግጥ፤ ከረገጠ ወህኒ ናት። ሁለተኛ፣ በእርግጥ መለወጧን እኔ ቀርቤ እንድመሰክር። መለወጧን ግን በምን ልወቅ? በየሰኞው የልብሴን ቁልፍ እየቆጠርኩ ነበር የምወጣው።

አራተኛው ሰው ቃለ ጉባኤ የሚይዙልን ሽማግሌ ናቸው። ስማቸውም ጋሽ ቃለ ጉባኤ ሆኖ ቀርቷል። የቢሮ እስክሪብቶ ኪሳቸው ውስጥ ከቀረ ከመንገድ ተመልሰው የሚያስቀምጡ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ቤታቸው ጭር ብሏል፤ የሰኞን ስብሰባ እንደ ሠርግ ነበር የሚጠብቁት። ሾፌሩ ጀብዱውን ሲያወራ ብዕራቸውን ጥለው እስኪያስላቸው ይስቃሉ። ሰፊዋ "ጋሼ የኛ" ትላቸዋለች። እኔ ሞኟ ሌቦቹን ብቻ ስጠብቅ እሳቸውን ማን ያያቸዋል?

ነፋስ ዳኛው ፊት በምትቀርብበት ሳምንት፣ ሰኞ ዕለት፣ ጋሽ ቃለ ጉባኤ ፊታቸው በርቶ ገቡና ከካፖርታቸው አንድ ቆርቆሮ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። የድመት ምግብ ነው።

"አነሳሁት!" አሉ።

ሾፌሩ አፉን ከፍቶ ቀረ።

"ድመት አለዎት እንዴ ጋሼ?" አለች ነፋስ።

"የለኝም።"

"ገንዘብ ቸገረዎት?"

"ኧረ በፍጹም። ሰፊዋ እንዳለችው ትከሻዬን ጣል አድርጌ፣ ሾፌሩ እንዳለው ሻጩን በወሬ ይዤ፣ አንቺ እንዳልሽው እጄን ሳላይ። መቼም ሱፐርማርኬቱ በዚህ አይደኸይም!" አሉና አንድ ሕፃን ምርጥ ውጤት አምጥቶ ወላጆቹን እንደሚያየው አዩን።

ራሴን ያዝኩ። ችግር ነው የሚያሰርቀው ለሚል ሁሉ እነሆ መልሱ፤ ችግር ከሆነማ ስንቱ ቸግሮት ሠርቶ ይበላል! ሰውየው የፈለጉት ቆርቆሮውን መች ሆነና? እኛን ነው።

ይስቃሉ ብዬ ስጠብቅ ሦስቱ ሌቦች ሽማግሌው ላይ ተነሱባቸው።

"በዚህ ሽበት?" አለች ሰፊዋ። "ሰው ምን ይላል ጋሼ?"

"እኔ እኮ ሳወራ ለጨዋታ ነው! የታሰርኩ ጊዜ እናቴ ጎረቤት ፊት መቆም አቅቷት ቤት መቀየሯን አልነገርኩዎትም" አለ ሾፌሩ። እውነቱን ነው፤ ለማንም ነግሮ አያውቅም።

ነፋስ ደግሞ ጣቷን ቀስራ፦ "አይደኸይም ይላሉ? ዕቃ ሲጎድል ከባለቤቱ መሰለዎት የሚቆረጠው? ከገንዘብ ተቀባይዋ ደመወዝ ነው! ስታለቅስ አይቻታለሁ!" አለች። ከዚያ የተናገረችውን ራሷ ሰምታ ቁጭ አለች።

እኔ ለወራት ስጮህ ያልገባቸውን፣ ሌላ ሰው ለመመለስ ሲሉ እነሱው ሲናገሩት ሰማሁ። ሌላውን የሚመክር መጀመሪያ የሚመክረው ራሱን ነው። ደስ ብሎኝ ላለቅስ ትንሽ ነበር የቀረኝ፤ ግን ጋሽ ቃለ ጉባኤ ቀድመውኝ ማልቀስ ጀመሩ።

"ሄጄ ልክፈል" አሉ። ከዚያ ትዝ አላቸው። ሱፐርማርኬቱ የሰረቀን ሰው፣ ራሱ መጥቶ ቢከፍልም፣ ፎቶውን በሩ ላይ ይለጥፋል። "ጡረታ ልወጣ ስል ፎቶዬ በር ላይ?"

"ይስጡኝ፤ እኔ መደርደሪያው ላይ እመልሰዋለሁ፤ ማንም አያየኝም" አለች ነፋስ።

"በሬሳዬ ላይ ተራምደሽ!" አልኩ። "እግርሽ ከዚያ ደጃፍ ገባ ማለት ልጅሽ ቀረች ማለት ነው። እኔ እመልሰዋለሁ።"

እንግዲህ ሰዎች፣ እዚህ ላይ ነበር የወፍራሙ መጽሐፍ ነገር ትዝ ሊለኝ የሚገባው። አላለኝም። ሰፊዋ ባለኪሱን ካፖርት አለበሰችኝ። ሾፌሩ ሻጭ ሆኖ ቆመ። መጽሐፍ መደርደሪያዬን የሱፐርማርኬት መደርደሪያ አደረግነው። ነፋስ ከኋላዬ ቆማ ታስተምረኝ ጀመር።

"እጅሽን አትዪው፤ ዓይንሽ ዋጋ ያንብብ። እትዬ፣ ምነው ቦምብ የያዝሽ መሰልሽ? ትንፋሽ! እጅ ደግሞ ከመደርደሪያ ባዶውን አይመለስም፤ ባዶ እጅ ያስነቃል። ማስቀመጥና ማንሳት አንድ ላይ። አዎ! እንደገና!"

የሻይ ብርጭቆ እያስቀመጥኩ ሌላ ብርጭቆ እያነሳሁ ስለማመድ ከሰዓት በኋላው አለቀ። በመጨረሻ ነፋስ ትከሻዬን መታ አድርጋ "እጅ አለሽ እኮ!" አለችኝ። በተመረቅኩ ዕለት እንኳ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ ሄድን። ሦስቱና ጋሽ ቃለ ጉባኤ ከመንገዱ ማዶ ቀሩ። ገባሁ። ትከሻዬ ወርዷል፣ ዓይኔ ዋጋ ያነባል፣ ዘበኛው እያዛጋ ነው። የድመት ምግብ ረድፍ ጋ ቆምኩ፤ እጄ ሄደ፣ እጄ መጣ፣ አለቀ። ወጣሁ። መንገዱን ስሻገር እየበረርኩ ነበር።

"መለስሽው?" አሉ በአንድ አፍ።

"መልሼዋለሁ!" ብዬ እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ፤ ለምን እንደሰደድኩ አላውቅም። እጄ ቆርቆሮ ይዞ ወጣ። የድመት ምግብ ነው። የጋሼ የዶሮ ነበር፤ ይህኛው የዓሣ ነው።

"የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ" አለ ሾፌሩ በሹክሹክታ።

"አንድ ቀን ነው እኮ የለመደችው!" አለች ሰፊዋ።

ያን ጊዜ እኔ፣ ያ ሁሉ ትምህርት ያለኝ ሴት፣ ምን ብል ጥሩ ነው?

"ምን አለ? አንዱን ሰጠሁ፣ አንዱን ወሰድኩ። ደግሞስ ሱፐርማርኬቱ በዚህ አይደኸይም።"

በገዛ እጄ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት፣ ተራ ቁጥር አንድ። አፌን በእጄ ያዝኩ፤ ግን ወጥቷል።

ነፋስ ፊቷ ተለዋወጠ። "ተመለሽ" አለችኝ።

"ቆይ እስቲ…"

"ተመልሰሽ አንስቼው ነበር ብለሽ ክፈዪ። ረስቼው ነው እንዳትዪ፤ አልረሳሽውም።"

"ፎቶዬን ይለጥፉታል እኮ! ሐሙስ የምመሰክርልሽ እኔ ነኝ። ሌባ ምስክር ይዘሽ ምን ልትሆኚ ነው?"

ነፋስ ዓይኗ እንባ ሞላ። ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም። "እሱን አውቃለሁ። ልጄን ልታስመልሺልኝ ብለሽ ይህንን ኪስሽ ውስጥ ይዘሽ እንድትምዪ ግን አልፈልግም። ነይ።"

ክንዴን ይዛ መንገዱን አሻገረችኝ። ደጃፉ ጋ ስንደርስ ከደፉ ውጭ ቆመች፤ አንዲት ጣት እንኳ ወደ ውስጥ አላሳለፈችም። ከፍዬ እስክወጣ እዚያው ቆማ ጠበቀችኝ። ዘበኛው ፎቶ ሲያነሳኝ፣ መቼም የሴት ነገር፣ ፀጉሬን አስተካከልኩ።

ሐሙስ ዳኛው ፊት ቀረብኩ። ገና ስምል መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

"ይህንን ፊት የት ነው የማውቀው?"

"ሱፐርማርኬቱ በር ላይ ይሆናል፣ ክቡር ዳኛ።"

ችሎቱ አጉረመረመ። የነፋስ አማት ልጅቷን ጠበቅ አድርጋ አቀፈቻት። ነፋስ አንገቷን ደፋች። ካሁን በኋላ ማን ሊሰማኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

"እና አንቺ ነሽ ይህች ሴት መለወጧን የምትመሰክሪው?" አሉ ዳኛው።

"አዎ። ሰው ሰበብ ሲሰጥ በየሰኞው እሰማለሁ፤ ሐሰቱን ከእውነቱ መለየት ግን አልችልም ነበር። ማክሰኞ ዕለት የሰረቅኩት እኔ ነኝ። ሰበብ የደረደርኩትም እኔው። ዝም ብትል ምስክሯ ንጹሕ ሆኜ እቀርብላት ነበር፤ ማንም አያውቅም። እሷ ግን ክንዴን ይዛ መልሳ አስከፈለችኝ። ደጃፉ ላይ ደርሳ አንዲት እርምጃ አልገባችም። የምትወዳት ልጇ እየሄደችባት መሆኑን እያወቀች ነው ይህን ያደረገችው። እኔ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም፣ ክቡር ዳኛ።"

ዳኛው መሀረባቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሳል ነው ብለው አስመዝግበዋል። መሀረባቸውን ካጣጠፉ በኋላ ግን ልጅቷን ጠርተው "ወደ እናትሽ ሂጂ" አሏት።

ነፋስ ስታቅፋት ያለቀሰችውን ልቅሶ አልገልጸውም፤ አሁንም ሳስበው ያስለቅሰኛል።

አለቃዬ ግን አልማረኝም። ቡድኑ ውስጥ ቁጭ ብዬ እንድመከር ፈረደብኝ። ጋሽ ቃለ ጉባኤ አንዲት ድመት አግኝተው ማሳደግ ጀምረዋል፤ ምግቧን የሚገዙት በደረሰኝ ነው፤ ደረሰኙንም ለሁላችን ያሳያሉ።

ባለፈው ሰኞ ነፋስ ልጇን ይዛ ልትጠይቀን መጣች። ልጅቷ ሁላችንንም አንድ በአንድ ካየች በኋላ ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች።

"እማዬ፣ እሷ ምን ሰርቃ ነው?"

"የድመት ምግብ" አለች ነፋስ።

"ድመት አላት?"

"የላትም።"

ልጅቷ ትንሽ አሰበችና ወንበሯን ከእኔ ራቅ አደረገች። ነፋስ ግን ወንበሩን መልሳ አጠገቤ አስጠጋችው።