ሙሽሪት እንዳትነካ

ሙሽራው ከሠርጉ በኋላ ፎቶ ቤታችን ብቻውን መጣ። እንደ ሌባ በሩን ዘግቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

"እህቴ፣ ኮቱን ብቻ ቀይሪልኝ። ሌላ ምንም አትንኪ፤ በተለይ እሷን።"

ፎቶውን ስከፍት ሳቄን ለመዋጥ ከንፈሬን ነከስኩ። ኮቱ የታላቅ ወንድሙ ነው፤ ታላቅየው ደግሞ በር የሚሞላ ሰው ነው አሉ። ትከሻው ክንዱ ላይ ወርዷል፣ እጅጌው ጣቶቹን ውጧል። ቀለሙም ቡኒ፣ ያውም የሚያብለጨልጭ ቡኒ! ሙሽሪት ክንዱን ይዛ፣ ወደ እሱ ዞራ፣ ጥርሷ እስኪቆጠር ትስቃለች። ከኋላቸው የድንጋይ ደረጃ አለ።

"ልብስ ሰፊው የራሴን አላደረሰልኝም" አለ። "ፎቶው በትልቁ ታትሞ ሳሎን ሊሰቀል ነው። አማቶቼ በመጡ ቁጥር ይሄን ጆንያ እያዩ ይሳቁብኝ?"

ዓይኑ እንባ አቀረረ። እውነቴን ነው፣ አንጀቴን በላው።

ኮቱን ዙሪያውን መርጬ ለየሁና፣ ጥቁር፣ ልክክ ያለ ሙሉ ልብስ ከነፓፒዮኑ እንዲያለብሰው፣ በጽሑፍ ሲታዘዝ ፎቶ ለሚቀይረው የኮምፒውተር ፕሮግራም ጻፍኩለት። የመጀመሪያው ሙከራ የሙሽሪትን ጣቶች በላ። ቀጣዩ የመርከብ ካፒቴን አደረገው።

"ይሄስ አይከፋም" አለ።

እንዳልሰማ አለፍኩት። ደህናው ሲመጣ ጣቶቿን ከዋናው ፎቶ መለስኩ። ዓይነርግቧ ትከሻው ላይ ስለወደቀ በስስ ጨርቁ ውስጥ ቡኒው ያሳብቅ ነበር፤ እሱንም አጠቆርኩ። ኮቱ ሲጠብ ክፍት የቀረውን ቦታ በደረጃው ድንጋይ ሞላሁ። ጥላውን እንደ ብርሃኑ አቅጣጫ አስተካከልኩ። የሙሽሪትን ፊት አልነካሁም።

"ተባረኪ!" ብሎ ብድግ አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አየ። ደግሞ አየ። ፊቱ ጠቆረ።

"ታዲያ አሁን ምኑ ነው የሚያስቃት?"

እኔም ያን ጊዜ አየሁት። የሚያስቀው ኮት ሄዷል፤ የቀረው የእሱ ፊት ብቻ ነው።

"ሳቋን ትንሽ ቀንሺልኝ" አለ በለሆሳስ።

"አትንኪያት አላልክም?"

ጨነቀውና ሚስቱን ስልክ ደውሎ ጠራት። ከሥራ እየሮጠች መጣች፤ ስክሪኑን አይታ "ይሄ ሰውዬ ማነው?" አለች። የድሮውን ስከፍትላት እንደ ፎቶዋ መሳቅ ጀመረች።

"የሠርጋችን ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ፈርቼ ነበር" አለችው። "ደረጃው ላይ እጄን ልትይዝ ፈልገህ የራስህን እጅ እጅጌው ውስጥ ስታጣው፣ ያኔ ነው ፍርሃቴ የለቀቀኝ። ይሄን ነው ልታጠፋብኝ የነበረው?"

እኔ ደግሞ በሥራ ሰዓት የሚያስለቅሱኝን ሰዎች አልወድም።

"የቱን ላትም?" አልኩ ቆጣ ብዬ።

"የድሮውን፣ በትልቁ" አለች እሷ።

እሱ ስለ አማቶቹ ሲያስብ ታየኝ። ጉሮሮውን ጠረገ።

"በትልቁ" አለ፤ "ግን አደራ፣ እጅጌው እንዳይቆረጥ።"