ያልታየው መጋረጃ

ኤርምያስ በቴሌግራም የሚሸጠውን መጋረጃ አንድም ቀን በእጁ ነክቶት አያውቅም። እሱ ቡታጅራ ቤቱ ሆኖ ፎቶ ይለጥፋል፤ ሰው ሲያዝ አዲስ አበባ ያለው አቅራቢ ይልካል። አቅራቢው በስልክ በአገር ቤት ቋንቋቸው በክስታንኛ ሲያጫውተው «የአገሬ ልጅማ አይዋሸኝም» ብሎ፣ ናሙና ሳያስመጣ፣ «በሦስት ቀን ይደርሳል» ያለውንም ሳይፈትን ለጠፈ።

ለአረፋ የታዘዘው መጋረጃ ቡታጅራ የገባው ከበዓሉ በኋላ ነው፤ ጨርቁም ወንፊት ይመስላል። አቅራቢው «የተሸጠ አይመለስም» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ያዘዙት እትዬ ናጃህ ቤቱ ድረስ መጡ።

«ባዶ መስኮት ይዤ እንግዳ ተቀበልኩ። ለመሆኑ ሳትለጥፈው በፊት አይተኸው ነበር?»

«ፎቶውን...»

«ፎቶውንማ እኔም አይቻለሁ፣ ልጄ!»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ብራቸውን ከራሱ ኪስ መለሰላቸው፤ ቀና ብሎ ሊያያቸው ግን አልቻለም። ሲሄዱ በሩን ዘጋና በዓይኑ ያላያቸውን ዕቃዎች ከቻናሉ ማጥፋት ጀመረ። ሲጨርስ አንድም የቀረ አልነበረም።