ሞተሯ ሳይነሳ የቀዘቀዘችው መኪና

አሠሪዬ አው ዐብዱልቃዲር ለንጋቱ የሱብሒ ሶላት እንደወጡ አልተመለሱም። የቀትሩ ዙህርም አለፈ። ሃያ ዓመት ሾፌራቸው ሆኜ ነድቼላቸዋለሁ። እርጅናው አእምሯቸውን ከያዘ ወዲህ፣ ጀጎል ተወልደው ጀጎል ውስጥ መንገድ የሚጠፋባቸው ሰው ሆነዋል። በዚያ ሙቀት ውሃ ሳይቀምሱ ከዋሉ አይተርፉም።

ልጃቸው ዐብዱልባሲጥ ሶፊ ወዳለው የጫት እርሻቸው ሄደን እንፈልጋቸው አለ። ፈላና በር አጠገብ ወዳቆምኳት የአባቱ መኪና ስንደርስ መንገዱ ጭር ብሏል፤ ሰዉ ሁሉ ጫት ላይ ነው።

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። በሮቹ ተቆልፈዋል። ሞተሩ አልተነሳም። ከኤሲው ማውጫ ፊት የተንጠለጠለው መቁጠሪያቸው፣ ሙስበሃው፣ ግን ይወዛወዛል። ጆሮዬን መስታወቱ ላይ ለጠፍኩ። ውስጧ እንደተኛ ሰው ትተነፍሳለች። ጥቂት ቆይታ ዝም አለች።

«ሽቦ ተነካክቶ ነው» አለ ዐብዱልባሲጥ። «ሞተር ሳይነሳ ምን ኤሲ አለ? ክፈት፣ እንሂድ።»

የእሱ መኪና ቤንዚን ናት። ኔትዎርክ ካለ ከድሬዳዋም ሆኖ በስልኩ ያስነሳታል፣ እያጓራች ትቀዘቅዛለች፣ አሥር ደቂቃ ሲሞላ ራሷ ትጠፋለች። የድሮዋን ናፍጣ ፒክአፕ ደግሞ ባለሙያው የሪሞት ማስነሻ አልገጥምም ብሏል፤ ማንዋል ናት፣ ዳገት ላይ ማርሽ አስገብተን ስለምናቆማት በሪሞት ብትነሳ ዘላ ሰው ትገጫለች። ይቺ ግን ሃይብሪድ ናት። የቁልፉን ሪሞት ተጭነው ሲይዙት ከትልቁ ባትሪ ሦስት ደቂቃ ያህል ትቀዘቅዛለች፣ የሞተር ድምፅ አይሰማም። በር ከተከፈተ ያቆማል። ስንት ዘመን አው ዐብዱልቃዲር ከደጃቸው ሆነው ሲያቀዘቅዟት፣ እኔ እንዳልከፍት ፀሐይ ላይ ቆሜያለሁ! ለወንበሩ ታስቦለታል፣ ለእኔ አልታሰበም።

ሙስበሃው እንደገና ተወዛወዘ።

«ሌላኛው ቁልፍ እሳቸው ኪስ ነው» አልኩት። «ያ ሪሞት ደግሞ ከዚያ ከማዶው ሱቅ አያልፍም። እዚሁ ናቸው።»

ዐብዱልባሲጥ ዞር ዞር ብሎ ተመለከተ። ዙሪያችን ድንጋይና የተዘጋ በር እንጂ ሰው የለም። ሆኖም አንድ ሰው ከአንድ ቦታ እያየን ነበር። እሱ ወደ ታች እየተጣራ ሄደ፣ እኔ ግንቡን ይዤ ወጣሁ።

ጣራው የፈረሰ ቤት ደፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። አውራ ጣታቸው ቁልፉ ላይ ነው፣ ዓይናቸው መኪናዋ ላይ።

«አባ» አልኩ፣ «እንሂድ።»

ቀና ብለው አዩኝ።

«አላውቅህም» አሉ። «ሾፌሬን እየጠበቅኩ ነው። የቤቴ ሰዎች እንደ ሰው አይቆጥሩትም፣ ግን ቀርቶብኝ አያውቅም።»

ዐብዱልባሲጥን ጠርቼ ውሃ እንዲያመጣ ነገርኩት። ከዚያ እሳቸው አጠገብ ደፉ ላይ ቁጭ አልኩና፣ ውሃው እስኪመጣ ድረስ ሾፌራቸውን አብሬያቸው ጠበቅኩ።