የሁለቱ ላሞች ግስ

ያ ክረምት ከባድ ነበር። የነገረ መለኮት ኮሌጁ ጣሪያ አፈሰሰ። ውኃው እስከ ምድር ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ወርዶ መጻሕፍቱ ረጥበው ሻገቱ። ከተማሪዎቹ እኩሌታውን ሳል ጣለው። የታሪክ አስተማሪው በሳንባ ምች ሞተ። የተቋረጠው ትምህርት ሲከፈት የዓመቱ ፈተና ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር።

ደብዳቤው የደረሰው በዚህ መሀል ነው። የዕብራይስጡ መምህር ከምሳ በኋላ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ፖስታውን ቀደው አነበቡ።

«የተከበሩ መምህር፣ ታቦቱን በሰረገላ ስለጎተቱት ሁለት ላሞች ሳነብ ‹ዋዪሻርና› የሚል ግስ ላይ ተሰናከልኩ። ሺን ፊደሉ ስለሚጠብቅ ከፊቱ ኑን የሚባለው ፊደል ተውጧል ብዬ ሥሩን ኑን፣ ሺን፣ ሬሽ አድርጌ ፈለግሁ። መዝገበ ቃላቱ የሰጠኝ ንስርን ብቻ ነው። ላሞቹ ክንፍ ካላበቀሉ በቀር ይህ አያስኬድም። ደግሞም የግሱ መጨረሻ ስለ ብዙ ሴቶች ይናገራል፤ መጀመሪያው ላይ ግን ታው ሊቆም ሲገባ ዮድ ቆሟል። እንዴት ነው የሚፈታው?»

ከታች የአንዲት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ፊርማ አለ።

መምህሩ ወረቀቱን አጠፉት፤ መልሰው ዘረጉት። ባለቤታቸው ሳህን ሊያነሱ መጥተው አዩዋቸው።

«ምን ነካህ አንተ ሰውዬ? ፊትህ አመድ መሰለ።»

«ፈተናው ሾልኮ ወጥቷል።»

«ማን አወጣው?»

«እኔ እንጃ። ይቺ ልጅ የምትጠይቀኝ ግስ ሦስተኛው ጥያቄ ነው። በእጄ ጽፌ፣ አሽጌ ለዲኑ ያስረከብኩት።»

«እና የሰረቀችውን ለአንተው ጻፈችልህ? የበግ ሌባ ባለቤቱ ቤት ሄዶ ‹ስንት ያወጣል?› ይላል እንዴ!»

«ብልጥ ሌባ ይላል» አሉና ካፖርታቸውን አነሡ።

ደንቡን ያውቁታል፤ ሲረቀቅም ነበሩበት። ፈተና መውጣቱን የጠረጠረ ፈታኝ በዚያው ቀን ለዲኑ ያሳውቃል። የተጠረጠረው ተማሪ ጉባኤ እስኪያየው አይፈተንም። ጉባኤው ደግሞ ከዕረፍት በፊት አይሰበሰብም። ልጅቷ የምትማረው በድጋፍ ነው፤ ዓመቱን ሳይፈተን ያሳለፈ ተማሪ ድጋፉ ይቆምበታል። አንድ ቃል ከአፋቸው ከወጣ ልጅቷ ጓዟን ጠቅልላ ወደ ቤቷ ናት።

የዲኑ ቢሮ ደረጃ ላይ እግራቸው ቆመ። እጀታውን ሳይነኩ ዞረው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ወረዱ።

ልጅቷ እዚያው ነበረች። እጅጌዋን ሰብስባ የረጠቡትን መጻሕፍት አንድ በአንድ እየገለጠች በጨርቅ ታደርቃለች። ስታያቸው ፈገግ አለች።

«ውይ መምህር! መልሱን በእግርዎ አመጡልኝ?»

«ይህን ግስ ማን ሰጠሽ?»

ፈገግታዋ ጠፋ። «ማንም አልሰጠኝም። ምነው?»

«ያ ሁሉ መጽሐፍ እያለ እንዴት እሱ ላይ ወደቅሽ?»

«እኔ አልወደቅኩም፤ መጽሐፉ ነው የወደቀብኝ» አለች፤ እንደ መቆጣት ብላ። «ይኸው፣ ይህ አሮጌው የዕብራይስጥ መጽሐፍ። ላደርቀው ሳቆመው በራሱ ተከፈተ። ቁራጭ ወረቀት ተሰክቶበት ነበር። ገጹ ሲገለጥልኝ ጊዜ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ትልቁን ሰዋስው እንዳላይ ገጾቹ ተጣብቀው እንደ ዳቦ አብጠዋል። ማንን ልጠይቅ?»

«ወረቀቱ የታለ?»

«አልጣልኩትም። እርስዎ አይደሉ መጽሐፍ ውስጥ ምልክት የሚረሳ ሰው እጁ ይቆረጥ የሚሉት? ባለቤቱን አግኝቼ ላሳፍረው አስቤ ነበር።»

ከኪሷ አውጥታ ሰጠቻቸው። ጠባብ ቁራጭ ናት። በቀይ እርሳስ «፫» ተጽፎባታል። ሌላ ምንም የለባትም።

መምህሩ ቁራጯን መዳፋቸው ላይ አድርገው አዩዋት፤ የራሳቸው እጅ ጽሕፈት ናት። ጥያቄ ከማሸጋቸው በፊት የግሱን አናባቢዎች ከአሮጌው እትም ጋር ማመሳከር ልማዳቸው ነው። ሦስተኛውን ጥያቄ ሲያመሳክሩ ግን መብራት ጠፋ። ምልክቷን ሳያወጡ መጽሐፉን በዳበሳ ዘግተው መደርደሪያው ላይ መልሰው ወጡ።

«ባለቤቱን አውቀውታል?» አለች።

«አውቄዋለሁ።»

«እጁ ይቆረጣል?»

«አይቀርለትም።»

«እሺ፣ ግሱስ? አይመልሱልኝም?»

«አልችልም» አሉ። ፈታኝ የፈተናውን ጥያቄ አይመልስም።

ተማሪዎቹ «መቀስ» ይሏቸዋል፤ ያውቃሉ። ለጠየቃቸው ሁሉ «ገጽ እንዲህ ተመልከት» ብለው መቁረጥ ነው። በወጣትነታቸው ግን እሳቸውም ለመምህራቸው እንዲህ ጽፈው ነበር። ሰውዬው የሞት አልጋ ላይ ሆነው ረጅም መልስ ጽፈው ላኩላቸው። ግርጌው ላይ «ለእኔ ምስጋና አትጻፍ። አንድ ቀን የሚጠይቅህ ይመጣል፤ ለእሱ እንዲሁ አድርግ» ይላል። ስንቱ መጣ፤ ለማንም እንዲሁ አላደረጉም።

ዲኑ ድሮ ተማሪያቸው ነበር። ሲገቡ ብድግ አለ። ደብዳቤውንና ቁራጯን ጠረጴዛው ላይ አኖሩለት። ነገሩን ሰምቶ ሲጨርስ ጺሙን አሻሸ።

«ጋሼ፣ ወረቀቷ የእርስዎ መሆኗ ልጅቷን ነጻ አያወጣም። ‹፫› የምትለውን አይታለች። ገምታ ቢሆንስ?»

«ደብዳቤዋን አንብበው።»

«አነበብኩት።»

«አላነበብከውም። መጀመሪያ የት ሄደች?»

ዲኑ ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ጣለ። «ኑን ነው ብላለች። ንስር አገኘች።»

«አንተም ተማሪ ሳለህ የጠበቀ ፊደል ባየህ ቁጥር ኑን ፍለጋ ትሮጥ ነበር። ሁሉም ይሮጣል። ይህች ልጅ መንገዷን፣ መሳሳቷንም ጭምር፣ ገልጣ አሳይታኛለች። ፈተና መሆኑን የገመተ ሰው ለፈታኙ መሳሳቱን አይጽፍም። አፉን ዘግቶ ሌላ ሰው ይጠይቃል።»

ዲኑ ደብዳቤውን አጠፈው። መስኮቱ ላይ ዝናቡ ይንጠባጠባል።

«ደንቡ ጥፋተኛ ይፈልጋል፣ ጋሼ። ፈተናው ወጥቷል ካልኩ ማን አወጣው እባላለሁ።»

«እኔ ነኛ!»

«ፈታኝ ካወጣው ከፈታኝነት ይነሣል። በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል። ተማሪው ሁሉ ያነበዋል እኮ። በዚህ ዕድሜዎ...»

«ማንበብ ያስተማርኳቸው እኔ አይደለሁ? ያንብቡ።»

ዲኑ ሳይወድ ስቆ እንደገና ኮስተር አለ። «ልተወው እችላለሁ። ሦስተኛውን ጥያቄ በሌላ ቀይረን ዝም እንላለን። እርስዎና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው።»

መምህሩ መፈተን ይወዳሉ። ከማስተማሩም ይልቅ የሚወዱት እሱን ነው፤ ለማንም ነግረው አያውቁም።

«ነገ ወሬው ቢሾልክ የሚወድቀው በእሷ ላይ ነው» አሉ። «ለጥፈው። አዲስ ፈተና ከሌላ ኮሌጅ አስወጣ። ልጅቷ ከሰው እኩል ትፈተን።»

«ይፈርማሉ?»

ፈረሙ። ዲኑ ብዕሩን ሲቀበል እጃቸውን ይዞ ቆየና «ስሟ ከየትኛውም መዝገብ አይገባም» አለ።

ማስታወቂያው በዚያው ከሰዓት ተለጠፈ። መምህሩ በሰሌዳው ሥር ሲያልፉ የተሰበሰቡት ተማሪዎች ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። አንዱ ከኋላ «መቀሱ ተቆረጠ» ሲል ሰሙት። አንገታቸውን ሳያዞሩ ወደ ክፍላቸው ገቡና በሩን ዘጉ።

ከእንግዲህ ፈታኝ አይደሉም። አፋቸውን የሚያስይዝ ነገር የለም። ወረቀት ስበው መጻፍ ጀመሩ።

«ልጄ ሆይ፣ ሥሩ ዮድ፣ ሺን፣ ሬሽ ነው፤ ቀና፣ ቀጥ አለ ማለት ነው። ላሞቹ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ሳይሉ ቀጥ ብለው ሄዱ። ኑን እንደሚዋጥ አንዳንዴ ዮድም ይዋጣል፤ ሺኑ የጠበቀው ለዚህ ነው፤ ስለዚህ መሳሳትሽ ከማሰብ የመጣ ነው። ታው መጠበቅሽም ልክ ነው። ነገር ግን የብዙ ሴቶች ግስ በዮድ ሲጀምር ሌላም ሁለት ቦታ ታገኛለሽ። በእህት ቋንቋዎች ዘንድ ይህ የተለመደ ነው። እንግዲህ ጸሐፊው ተሳስቷል ለማለት አትቸኩዪ፤ የቆየ አነጋገር ይሆናል...»

ሁለቱን ቦታዎች ጠቀሱላት፤ አረባቡን ከነምሳሌው በሰንጠረዥ ሠሩላት። ወረቀቱ ሲሞላ ሌላ ሳቡ። እጃቸው ደከመ፤ አላቆሙም። ሲጨርሱ ራሳቸው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ወረዱ።

ልጅቷ ማስታወቂያውን አንብባ ኖሮ ዓይኗ ቀልቷል። «መምህር፣ እኔ ባልጽፍልዎ ኖሮ...»

«ባትጽፊ ኖሮ ዕዳዬን ይዤ እሞት ነበር» አሉና ወረቀቶቹን በሁለት እጃቸው አቀበሏት። «ያዢ። የመምህሬ ነው።»