የአራት ሺህ አራት መቶው በቀል

ሐሰት ከጻፍኩ እጄ ይድረቅ፤ ይህ ነገር አንዲት ፊደል ሳይጨመርበት የሆነ ነው።

የታናሽ እህቴ ባል ከሰባት ዓመት በፊት በሠርግ መሃል፣ «ይሄ ሰውዬ የሚያወራው እውነት ቢሆን አገሩ ይጠበው ነበር» ብሎ ሁለት ሺህ እንግዳ አስቆብኛል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቂሜን አቅፌ ነው የምተኛው።

ታላቅ እህታችን ከባሕር ማዶ ለእናታችን የዓይን ቀዶ ሕክምና ገንዘብ የምትልከው በሱ ስም ነበር። ሐኪሙ ሃምሳ ሺህ ይጠይቃል። ሰውየው ግን ለእናቴ አርባ አምስት ሺህ ስድስት መቶ ቆጥሮ ሰጣት።

«ሃምሳ አልነበር እንዴ?»

«እማማ፣ ሃያ ዶላር ለመላኪያ ተቆረጠ። ምንዛሬውም ከመቶ ወደ ዘጠና አምስት ወረደ» አላት።

ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ፤ በደስታ! ጠላቴ በእግሩ መጣልኝ።

ለእህቴ ደወልኩ። «እትዬ፣ የላክሽበትን ደረሰኝ ፎቶ አንስተሽ ስደጂልኝ።»

ያለመነጽር፣ በአንድ እይታ ጨረስኩት። የተላከ፣ አምስት መቶ ዶላር። የአገልግሎት ክፍያ፣ ሃያ። ጠቅላላ የከፈለችው፣ አምስት መቶ ሃያ። ምንዛሬ፣ መቶ። ተቀባይ የሚወስደው፣ ሃምሳ ሺህ። ሃያዋን እዚያው ከላይ ጨምራ ከፍላለች፤ ምንዛሬውም ስትልክ ተወስኗል። ከዚያ ወዲያ የባንኩ ሰሌዳ ቢወጣ ቢወርድ የኛን ገንዘብ አይነካም።

በኮሌታው ጎትቼ ባንክ ወሰድኩት። ወረፋው ለሁለት ተከፈለልኝ።

«የሱን የክፍያ ደረሰኝ ቅጂ አውጪልኝ» አልኳት ከፋይዋን።

«ተቀባዩ ራሱ መታወቂያ ይዞ ካልጠየቀ አይሆንም፣ ጋሼ።»

ዞርኩበት። «ጠይቃ! ወይስ የመታወቂያህም ምንዛሬ ወረደ?»

ላቡ እየተንጠባጠበ ጠየቀ። ቅጂው ወጣ። የመላኪያው የሚስጥር ቁጥር እህቴ በላከችው ደረሰኝ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። የተከፈለ፣ ሃምሳ ሺህ። ከሥሩ ፊርማ።

«እንግዲህ አገሩ ማንን ጠበበው?» አልኩት ባንኩ እስኪናወጥ። እግሬ ሥር ተደፋ። አራት ሺህ አራት መቶውን እዚያው አስቆጠርኩት። ከዚያ ወዲህ ገንዘቡ በእኔ ስም ነው የሚመጣው።

እዚህ ላይ ስደርስ ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ ስታነብ አገኘኋት። ያን ቀን እናቴን ደግፋ ባንኩ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር።

«የእትዬን ደረሰኝ ያስላከው እሱ ነው» አለች ቀስ ብላ።

«ማን እሱ?»

«የእህትህ ባል። ያን ጊዜ ገንዘቡ የሚመጣው ባንተ ስም ነበር፤ ፊርማውም ያንተ።»

ዛሬ ከእትዬ የመጣውን የመድኃኒት ገንዘብ ደረሰኝ ወረቀቴ ላይ አስቀመጠችው። ተቀባይ ከሚለው ፊት ለፊት የሱ ስም አለ።

«እማማ ነገ ለዓይናቸው ሆስፒታል ይገባሉ። እሱ ነው የሚወስዳቸው።»