የሁለት ሰው አልጋ

የሊፍት ቴክኒሽያኑ የጉዞ ወጪ መግለጫውን ጠዋት አስገብቶ፣ ወደ ወርክሾፑ ተመልሶ ጓንቱን ሊያጠልቅ ሲል ስልኩ ጠራ። «ና እስቲ ወደዚህ፤ ያለህን ደረሰኝ ሁሉ ይዘህ» አሉት የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ። መልሱን ሳይጠብቁ ዘጉት።

እኚህን ሴት መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ከጀርባቸው «ኮማ» ይላቸዋል። ቦታዋን የሳተች አንዲት ኮማ ካዩ ወረቀቱን ለባለቤቱ ሳይመልሱ ምሳ አይወርድላቸውም። ቅጽል ስማቸውን ያውቁታል፤ እንዲያውም ደስ ሳይላቸው አይቀርም። ባለፈው ዓመት የግል ወጪውን ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ቀላቅሎ ያቀረበ የዕቃ ግዢ ሠራተኛ የተሰናበተው እሳቸው አንዲት ደረሰኝ ገልብጠው ጀርባዋን ስላዩ ነው። ስለዚህ ኮማ «ና» ሲሉ ሰው ዝም ብሎ አይሄድም፤ ኃጢአቱን እያሰበ ነው የሚሄደው።

ቴክኒሽያኑም የሚያስበው ነበረው። ሊፍቶቹ የሚመረቱበት አገር ለሥልጠና ሄዶ ነበር። ኩባንያው አንድ ሺህ ዶላር ቅድመ ክፍያ ሰጠው። ያ ከተማ ደግሞ በዓይን ሐኪሞቹ የታወቀ ስለሆነ፣ ሁለቱም ዓይኖቿ በሞራ የተጋረዱባትን እናቱን አብሮ ይዟት ሄደ። ቲኬቷን እህቱ ገዛች፣ ለሕክምናዋ እናትየው ራሷ አምስት መቶ ዶላር በመሐረብ ቋጥራ ያዘች። ግራ ዓይኗ ተሠራ። ቀኙ የሚሠራው በሁለተኛው ዙር ሥልጠና ነበር። ወደዚያ የሚሄደው ሰው ስም ዛሬ ከሰዓት ይወሰናል፤ ያልተወራረደ ቅድመ ክፍያ ያለበት ሰው ደግሞ ሌላ አይሰጠውም። ዛሬ ካልተወራረደ ሌላ ቴክኒሽያን ይሄዳል፣ የእናቱም ቀኝ ዓይን እንደተጋረደ ይቀራል።

ኮማ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ነበር የጠበቁት። ቁጭ በል አላሉትም።

«ይህ የሆቴል ደረሰኝ ምን ይላል?»

«የአልጋ ሒሳብ ነው፣ እትዬ።»

«አልጋ መሆኑንማ አይቻለሁ። ሰባት ሌሊት፣ በሌሊት አንድ ሺህ አንድ መቶ በአገሩ ገንዘብ። አንተ ከሰባቱ የሥልጠናውን አምስት ብቻ ጠይቀሃል። ይህ ደግ ነው። ግን እኛ ያስያዝንልህ የአንድ ሰው አልጋ ነበር፣ በዘጠኝ መቶ አርባ። እዚህ 'ሁለት እንግዶች' ይላል።» ብዕራቸውን ቃሉ ላይ አሳረፉ። «ማን ናት?»

«እናቴ ናት።»

ኮማ ቀና ብለው አዩት። ሌላ መልስ ጠብቀው እንደነበር ፊታቸው ይናገራል። ወዲያው ግን ወደ ወረቀቱ ተመለሱ።

«እንግዲያው ኩባንያው የሚከፍለው አንተ ብቻህን ብትሆን የሚከፍለውን ነው። በአምስቱ ሌሊት ያለው ልዩነት የእናትህ ነው፤ ሁለቱ ትርፍ ሌሊትም እንደዚሁ። ምግብና ታክሲህ ሦስት ሺህ አንድ መቶ አርባ ነው፣ በየቀኑ ለይተህ ጽፈሃል፤ እሱ ላይ ነገር የለኝም።» ሌላ ብጣሽ ወረቀት አነሡ። «አሁን ወደ ምንዛሪው እንምጣ። ሁሉንም ለአንድ ዶላር ዘጠኝ ብለህ ነው ያካፈልከው። ያያዝከው የአየር ማረፊያው ደረሰኝ ነው፤ በእሱ የመነዘርከው ሦስት መቶ ዶላር ብቻ ነው። የሰጠንህ አንድ ሺህ። የቀረው ሰባት መቶ የት ተመነዘረ?»

ቴክኒሽያኑ እጁን ወደ ደረቱ ሰደደና መለሰው። የሌላው ደረሰኝ ደረት ኪሱ ውስጥ ነበረ። «ጠፍቶብኝ ይሆናል» አለ።

«ይሆናል ነው ጠፍቷል?»

እውነቱን ለመናገር ያንን ደረሰኝ የደበቀው ወጪውን በዘጠኝ ማካፈል ስለሚጠቅመው ብቻ አልነበረም። ከተማው መሃል የመነዘረው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ዶላር ነበር፤ የእናቱን ገንዘብ ከኩባንያው ጋር በአንድ ኪስ ከትቶ፣ በአንድ መስኮት፣ በአንድ ደረሰኝ። ሦስት መቶው ሲደመር አንድ ሺህ አምስት መቶ ይሆናል። አንድ ሺህ የተሰጠው ሰው አንድ ሺህ አምስት መቶ መነዘረ ሲባል ምን እንደሚጠረጠር ያውቃል፤ ዶላር ነጋዴ ነው ይባላል። በዚያ ላይ በሆቴሉ ሙሉ ዋጋና በዘጠኝ ሒሳብ ሲያሰላው ወጪው ዘጠኝ መቶ ስልሳ ዶላር ሆነለት፤ የሚመልሰው አርባ ብቻ። አርባዋን ከደሞዙ ቆጥቦ ይዟታል። ደረሰኞቹ በሙሉ እውነተኛ ናቸው እያለ ሌሊቱን ራሱን ሲያባብል ነበር ያደረው።

«የጠፋ ከሆነ» አሉ ኮማ፣ «ለኔ ቀላል ነው። መጥፋቱን ጽፈህ ትፈርማለህ፣ ቅድመ ክፍያው በተሰጠበት ቀን በነበረው የባንክ ምንዛሪ አሰላለሁ። ግን ፊርማህ ነው፤ ደረሰኙ አንድ ቀን ከአንዱ ኪስ ብቅ ካለ እኔም አላድንህም።» ባዶ ወረቀት ወደሱ ገፉለት።

ብዕሩን አነሣ። የዕቃ ግዢው ሠራተኛ ካርቶኑን ታቅፎ በር ላይ የቆመበት ቀን ትዝ አለው። ፈራ፤ ከፍርሃቱ ይልቅ ግን ማፈሩ በለጠ። ብዕሩን አስቀመጠና ደረሰኙን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

ኮማ አነበቡት። ዳግም አነበቡት። «አምስት መቶው የማን ነው?»

«የእናቴ። ከባንክ ያወጣችበት ወረቀት ቤት አለ። ለዓይኗ ነበር። ሁሉንም በአንድ ኪስ ይዤው ነበር፣ እትዬ፤ የትኛው ዶላር የማን እንደሆነ እኔም አላውቅም።»

«እኛን የሚያሳፍር ሥራ ነው የሠራኸው» አሉ ኮማ፤ ድምፃቸው ግን ትንሽ ለዝቦ ነበር። «ገንዘቡ ከተቀላቀለ የትኛውም አይመረጥም። ርካሹን ለናትህ፣ ውዱን ለኛ ማለት የለም። አማካዩ ነው። በአየር ማረፊያ ሦስት መቶ በዘጠኝ፣ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ። ከተማ አንድ ሺህ ሁለት መቶ በአሥር፣ አሥራ ሁለት ሺህ። ጠቅላላው አሥራ አራት ሺህ ሰባት መቶ። ለአንድ ሺህ አምስት መቶ ስታካፍለው ለአንድ ዶላር ዘጠኝ ነጥብ ስምንት።» ካልኩሌተሩን ወደሱ አዞሩት። «የሥራው ወጪ አልጋ አራት ሺህ ሰባት መቶ፣ ምግብና ታክሲ ሲጨመር ሰባት ሺህ ስምንት መቶ አርባ። በዘጠኝ ነጥብ ስምንት ስንት ነው?»

«ስምንት መቶ ዶላር» አለ ቴክኒሽያኑ። ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም።

«ስለዚህ ሁለት መቶ ትመልሳለህ። ከደሞዝህ ይቆረጥ ካልክ ይቻላል፤ ግን ወር እስኪያልቅ ሒሳቡ ክፍት ነው። ሥራ አስኪያጁ ስሙን የሚጽፉት ከመውጫ ሰዓት በፊት ነው። የባንክ ወረቀቷንም አምጣ።»

ቤቱ ሲደርስ እናቱ መስኮቱ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ ጋርዳ፣ የጎረቤቱን የልብስ ገመድ ታይ ነበር። ከተመለሱ ጀምሮ ሥራዋ ይኸው ነው፤ ሳታየው የኖረችውን ነገር ሁሉ ተራ በተራ ታየዋለች።

«በዚህ ሰዓት ምን አመጣህ?» አለችው።

«የባንኩን ወረቀት ፈልጌ ነው፣ እማዬ።» ኮማ የግሉንና የሥራውን ወጪ ለይተው ያረሙትን መግለጫ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ ቁምሳጥኑ ዞረ። ወረቀቱን አግኝቶ ሲመለስ መግለጫው ከጠረጴዛው ላይ የለም። እናቱ በግራ ዓይኗ እያነበበችው ነው። ስንት ዓመት ሙሉ የሚነበበውን ሁሉ በሰው ስታስነብብ የኖረች ሴት፣ ጣቷን ከመስመር ወደ መስመር እያወረደች።

«የግል ወጪ ይላል። አልጋ ሦስት ሺህ። ሐኪም ቤት ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ስልሳ። በዶላር ሰባት መቶ።» ቀና አለች። «እኔ የሰጠሁህ አምስት መቶ አይደለም እንዴ? በቃኝ አላልከኝም?»

«በቅቶ ነበር… አልጋው ላይ ነው ትንሽ የጨመረው።»

«ሁለት መቶ ዶላር ትንሽ ነው?» ወረቀቱን ጭኗ ላይ አኖረችው። «እና ይሄ ዓይን ሩቡ የመሥሪያ ቤታችሁ ነዋ። እኔ በሰው ዓይን ነው መስኮት ላይ ተጎልቼ የምፈነጥዘው።»

ሊስቅ ፈለገ፤ አልቻለም። ሁሉንም ነገራት፦ የደበቀውን ደረሰኝ፣ ሊፈርም የነበረውን ወረቀት፣ ከሰዓት የሚወሰነውን ስም፣ በእጁ ያለችውን አርባ ዶላር። እናቱ ሳታቋርጠው ሰማች። ከዚያ ተነሥታ ከፍራሿ ሥር መሐረቧን አወጣች። እሷና እህቱ ለቀኙ ዓይን ያጠራቀሙት ነው። በፊቱ አንድ በአንድ እያየች ቆጠረችው፤ በዳሰሳ አልነበረም።

«አርባ አለኝ ብለሃል። መቶ ስልሳው ይኸው።»

«እማዬ፣ ይሄ እኮ የቀኙ ነው። ይሄን ከከፈልን ጉዞው ቢሰጠኝም አንቺን ይዤ የምሄድበት የለኝም።»

«ካልከፈልክም ጉዞው የለም፤ ዓይኑም የለም፤ አንተም የለህም። ቢያንስ አንተ ሂድ።» ገንዘቡን ኪሱ ውስጥ ራሷ ከተተችው። «አንዱ ይበቃኛል ለጊዜው። ቅድም አይቼሃለሁ፤ ውሸት ስትናገር ጆሮህ ይቀላል። ድሮ የማላውቀው ነገር ነው።»

ኮማ ገንዘቡን ቆጥረው፣ የባንኩን ወረቀት ከሁለቱ የምንዛሪ ደረሰኞች ጋር አያይዘው፣ «ተወራርዷል» የሚለውን ማኅተም መቱ። ከደረሰኞቹ መሐል አንዷን ለይተው መለሱለት፤ የዓይን ሐኪም ቤቱ ነበረች። «ይቺ የግል ናት፤ እዚህ አትቀመጥም።» ቴክኒሽያኑ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተታት።

ስልክ ደወሉ። «አዎ ጌታዬ፣ ሒሳቡ ንጹሕ ነው» አሉ ለሥራ አስኪያጁ። ጥቂት ሰሙና ዘጉ፤ ከዚያ አዲስ የቅድመ ክፍያ ቅጽ አወጡ። ስሙን ጻፉ፣ የከተማዋን ስም ጻፉ። አልጋ ከሚለው ላይ ሲደርሱ ብዕራቸው ቆመ።

«አሁን ስማኝ» አሉት ሳያዩት። «እናትህን ይዘህ መሄድህ ነውር አይደለም። ልዩነቱን ከራስህ እስከከፈልክ ድረስ የሁለት ሰው አልጋ ብትይዝም የሚከለክልህ የለም። ግን የኛን በአንድ ኪስ፣ የእሷን በሌላ ኪስ። ሁለት ኪስ፣ ሁለት ደረሰኝ።»

«አሁን አንድ ኪስ ይበቃኛል፣ እትዬ» አለ ቴክኒሽያኑ።

ኮማ ቀና ብለው አዩት፤ ቀጥሎም ማኅተሙ ገና ያልደረቀውን መግለጫ አዩት። ሁለት መቶው ከየት እንደመጣ ሳይጠይቁ ገባቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በሻርፓቸው ጫፍ ቀስ ብለው ጠረጉና መልሰው አደረጉት። ከዚያ አልጋ በሚለው ሣጥን ውስጥ «ለአንድ ሰው» ብለው ጻፉ፤ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነጥብ ማድረግ ረሱ።